ከመቁያው እስከ ሁለተኛው እሽግ፦ የአዲስ ቡና የሁለት ሳምንት ማስተዋወቂያ አስተቃቀድ

አዲስ የተቆላ ቡና ለገበያ የሚያቀርብ ድርጅት የሁለት ሳምንት የማስተዋወቅ ዘመቻ ሲያቅድ ሥራው በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያ ጉጉት የሚቀሰቅሱ አጓጊ ፖስቶች ይወጣሉ። ቀጥሎ ስሙ፣ እሽጉና ዋጋው ይፋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የገዛውን የሚረዱ፣ ያልገዛውንም የሚያስታውሱ ተከታይ ፖስቶች ይመጣሉ። ይህ አከፋፈል ለሳሙናም ለጫማም ይሠራል። ቡናን የሚለየው ቀኑን የሚቆርጠው ፍሬው ራሱ መሆኑ ነው። ቡና ከመቁያው ከወጣ በኋላ ለመጠጥ እስኪደርስ ጥቂት ቀን ይፈልጋል፤ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ አንድ እሽግ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ያልተነሣ ዕቅድ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር ጊዜውን ይስታል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ቡና ቆይ እንውሰድ። ድርጅቱ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ 2 ጆንያ የታጠበ የይርጋጨፌ ጥሬ ቡና ገዝቷል። ቡና ሲቆላ ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፣ ገለባውም ይለቃል፤ በመካከለኛ አቆላል ከክብደቱ 16 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከ120 ኪሎ ጥሬ የሚወጣው የተቆላ ቡና ወደ 100 ኪሎ ነው፤ ይህም በ250 ግራም ሲታሸግ 400 እሽግ ይሆናል። ለጀማሪ ይህ ቁጥር ከማንኛውም የማስታወቂያ ሐሳብ ይቀድማል። ምን ያህል ሰው መጥራት እንደሚቻል የሚወስነው መጋዘን ውስጥ ያለው ቡና ነውና፣ 400 እሽግ ይዞ መላውን ከተማ የሚጠራ ዘመቻ ትርፉ ቅሬታ ነው።

400ውን በአንድ ጊዜ መቁላትም ስህተት ነው። ገና የተቆላ ፍሬ በውስጡ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል፤ ጋዙም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት ይወጣል። የቡና እሽግ ላይ የምትታየው ትንሽ ክብ ቫልቭ የተሠራችው ጋዙን እያስወጣች አየር እንዳይገባ ለመከልከል ነው። በተቆላ ማግሥት የተጠጣ ቡና፣ በተለይ በማሽን ሲቀዳ፣ አረፋው ይበዛል፣ ጣዕሙም ይሻክራል። ሦስት አራት ቀን ካረፈ በኋላ ይረጋጋል። ሳምንታት እየገፉ ሲሄዱ ደግሞ መዓዛው እየሳሳ ይሄዳል። ስለሆነም ምሳሌያችን ቡናውን በሦስት ይከፍለዋል። 20 እሽግ አስቀድሞ ለቅምሻ ይቆላል፤ 180ው ይፋ ከመሆኑ አራት ቀን በፊት፣ ቀሪው 200 ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ይቆላል። እሽጉ ላይ የተቆላበት ቀን ስለሚጻፍ ገዢው ልዩነቱን ራሱ ማየት ይችላል።

ከቀኑ በፊት ግን ለማን ነው የሚነገረው የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ውስጥ አዲስ የቡና ብራንድ የሚወዳደረው ከሌሎች ብራንዶች ጋር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋናው ተወዳዳሪ ከሱቅ ወይም ከጉሊት በኪሎ የሚገዛው ጥሬ ቡና ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ቡናውን አጥቦ፣ በምጣድ ቆልቶ፣ ወቅጦ ወይም አስፈጭቶ ነው የሚያፈላው። ጭሱን ለእንግዳ ማዳረስ የሥርዓቱ ክፍል ስለሆነ የተቆላ ቡና መግዛት ለብዙ እናቶች እንደ ስንፍና ይታያል። ከዚህ ሰው ጋር «የኛ ይበልጣል» እያሉ መከራከር አያዋጣም። የምሳሌያችን ድርጅት በመጀመሪያ የሚያነጋግራቸው ሌሎች ሰዎች አሉ፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጭስ የሚያስቸግራቸው ወጣት ባለትዳሮች፣ ቢሮ ውስጥ ተዋጥተው ቡና የሚያፈሉ ሠራተኞች፣ ወደ ውጭ ለሚሄድ ዘመድ ስጦታ የሚፈልጉ ቤተሰቦች። ለእነዚህ «100 በመቶ አረቢካ» ብሎ መጻፍም ምንም አይነግራቸውም። በኢትዮጵያ የሚበቅለው ቡና ሁሉም ለማለት ይቻላል አረቢካ ስለሆነ ቃሉ ከውጭ አገር እሽግ የተቀዳ መሆኑን ብቻ ያሳብቃል። ሊሰሙት የሚፈልጉት የት እንደተለቀመ፣ መቼ እንደተቆላና ለጀበና ይሆን እንደሆነ ነው።

ሌላው የቅድሚያ ሥራ ስሙ ነው። አጓጊው ሳምንት ስምን በመደበቅ ላይ ስለሚቆም፣ የተደበቀው ስም በይፋው ቀን የሌላ ሰው ሆኖ ከተገኘ ዘመቻው እዚያው ያበቃል። በኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በማስመዝገብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፖስት ከመውጣቱ በፊት ስሙ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ መፈተሽና ማመልከቻውም መግባት ይኖርበታል። የቦታ ስም ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ ሲዳሞን፣ ይርጋጨፌንና ሐረርን በውጭ አገራት በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥታ አሜሪካ ውስጥ ከስታርባክስ ጋር ያደረገችው ክርክር በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስምምነት ተቋጭቷል። ለጀማሪ ነጋዴ ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ቀላል ነው። ይርጋጨፌ የሚለው ስም የቡናውን መነሻ ይናገር፤ ብራንዱ ግን የራሱ ሌላ ስም ይኑረው።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው እንግባ። ምሳሌያችን ሰኞ ይጀምራል፣ ቅዳሜ ማታ ይፋ ያደርጋል፣ በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት ያደርሳል። ቅዳሜ የተመረጠው ሰው እሑድ ቤቱ ስለሚገኝና ከሰዓት በኋላ ቡና ስለሚፈላ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም በመሆናቸው በእነዚህ ቀናት የሚወጣው ምስል ላይ ማኪያቶም ሆነ የወተት ጠብታ አይታይም። ዘመቻው ሁዳዴ ውስጥ ከዋለ ይህ ለሁለቱም ሳምንታት ይሠራል፤ ረመዳን ከሆነ ደግሞ ፖስቱ ከአፍጥር በኋላ ቢወጣ ይመረጣል።

አጓጊ ፖስት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥፋት ሁሉንም ነገር መደበቅ ነው። ጥቁር ምስል ላይ «በቅርብ ቀን! ይጠብቁን!» ብሎ መጻፍ ሰውን አያጓጓም፤ የሚጠብቀው ሰው ምን እንደሚጠብቅ አያውቅምና። ጥሩ አጓጊ ፖስት አንድ ነገር ብቻ ይደብቃል፣ ሌላውን ያሳያል። በዚህ ዘመቻ የሚደበቁት ስሙና እሽጉ ናቸው፤ ቡናው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታያል፣ ይሰማልም።

ሰኞ የሚወጣው አሥር ሰከንድ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። ፍሬው መቁያው ውስጥ ቡናማ ሲሆንና እንደ ፈንዲሻ መፈንዳት ሲጀምር ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ ሙዚቃ አይጨመርበትም። ቆዪዎች ፈርስት ክራክ የሚሉት ይህ ድምፅ ቡና ሲቆላ ያደገን ሰው ሁሉ ወዲያው ያነቃል። ከሥሩ የሚጻፈው «ቅዳሜ ማታ» የሚል ብቻ ነው። ቪዲዮው የሚቀረጸው አስቀድሞ የ20ው እሽግ ቡና በሚቆላበት ቀን ስለሆነ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ማክሰኞ ጥያቄ ይቀርባል፦ «እናንተ ቤት ቡና የሚቆላው ማን ነው?» ይህ ፖስት ከአምስቱ ሁሉ የበለጠ ሊሠራ የሚችለው ነው። መልሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ለመጻፍም አያፍርም፤ እናቱን የሚያነሣ፣ የቢሮ ቡና አፍዪዋን የሚያመሰግን፣ «ማንም፤ ካፌ ነው የምጠጣው» የሚል ይኖራል። ለድርጅቱ ደግሞ ይህ የገበያ ጥናት ነው። «ጭሱ ጎረቤት ይረብሻል» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ከመጣ የይፋው ፖስት የመጀመሪያ መስመር ተገኘ ማለት ነው።

በዚያው ማክሰኞ 180ው እሽግ ይቆላል። ረቡዕ የቅምሻ ጠረጴዛ ይታያል። ስም ያልተጻፈበት 20ው እሽግ ቀደም ብሎ ቡና አፍልተው ለሚሸጡ ሴቶች፣ ለቢሮዎችና ጣዕም ለሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ተልኳል፤ የሰጡት አስተያየት ግን ለሁለተኛው ሳምንት ይቀመጣል። ሐሙስ ስለ ቦታው ይነገራል። የጌዴኦ ደጋ መሬት፣ የቀይ እሸት ለቀማው፣ የማድረቂያው አልጋ ይታያል፤ የቦታውን ስም ተመልካቹ እንዲገምት ይተዋል። እዚህ ላይ በዕጣ ሽልማት የማውጣት ፈተና ይመጣል፤ ዕጣ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ ለዚህ መጠን ሥራ ባይነካ ይሻላል። ዓርብ ቀኑና ሰዓቱ ይነገራል፣ ቀድመው ለማዘዝ የሚፈልጉም ስማቸውን በቴሌግራም እንዲያስመዘግቡ ይጋበዛሉ። የዓርቡ ዝርዝር ርዝመት በማግሥቱ የሚመጣውን ትእዛዝ ከመውደድ ምልክቶች ሁሉ በተሻለ ይተነብያል።

በእነዚህ አምስት ቀናት ውስጥ አጓጊው መሳቱን የሚያሳይ አንድ ግልጽ ምልክት አለ። አስተያየት ሰጪዎች «ካፌው የት ነው የሚከፈተው?» ብለው መጠየቅ ከጀመሩ ምስሉ ስኒና ጠረጴዛ አብዝቷል ማለት ነው። እስከ ቅዳሜ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ላይ «ቤታችሁ የሚመጣ ቡና» የሚል አንድ መስመር መጨመር ይበቃል። ሳይታረም ከቀረ ካፌ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ቅዳሜ እሽግ ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል።

ሰዓቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ፖስትን አስቀድሞ ማዘጋጀትና በሰዓቱ እንዲወጣ ማድረግ ቀላል ነው፤ በቴሌግራም የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ Schedule Message መምረጥ፣ ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ደግሞ Meta Business Suite መጠቀም ይቻላል። መሣሪያዎቹ የሚቆጥሩት ግን በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። ከማታው 2 ሰዓት ለማለት 20:00 መጻፍ ይገባል። 2:00 ተብሎ ከተጻፈ ፖስቱ የሚወጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ የሳምንት ድካም ሁሉ ሰው በተኛበት ያልፋል። ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር በዕቅዱ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ አለበት። የማታው 2 ሰዓት ዋሽንግተን ላለው ዘመድ የቀትር አካባቢ ስለሆነ፣ አገር ቤት ላለ ቤተሰቡ እሽግ ለማዘዝ የሚፈልገውም ያየዋል።

የይፋው ፖስት ሥራው ጥያቄ እንዳይቀር ማድረግ ነው። ዋጋን «በውስጥ መስመር እንነግራችኋለን» ማለት ልማድ ሆኗል፤ ይህ ሊገዛ የመጣን ሰው እንደገና እንዲጠብቅ ማድረግ ነውና መተው ያለበት ልማድ ነው። ከስሙና ከዋጋው ቀጥሎ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሳምንቱን ሙሉ ሲፈነዳ የሰማችሁት ቡና ይኸው። ይርጋጨፌ ተለቅሞ የታጠበ፣ ማክሰኞ የተቆላ፣ 250 ግራም። በፍሬው አለ፤ ለጀበና የተፈጨም አለ። ዛሬ ያለን 180 እሽግ ነው። ለማዘዝ ስማችሁን፣ ሰፈራችሁንና ‹ፍሬ› ወይም ‹ፍጭ› ብላችሁ ጻፉልን። ክፍያ በቴሌብር ወይም ስትረከቡ። ነገ ከሰዓት እናደርሳለን።»

እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የሚቀጥለውን ስልክ ጥሪ ያስቀራል። «ፍሬ ወይም ፍጭ» የሚለው ካልተጠየቀ ወፍጮ የሌለው ቤት ፍሬ ይደርሰዋል፣ እሽጉም ሳይከፈት ይቀመጣል። 180 ማለቱም ዕቃው ሲያልቅ ቅሬታ እንዳይነሣ ይረዳል፤ ቁጥሩ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። መጋዘን ሞልቶ «ጥቂት ቀረ» ማለት፣ ቡናው ራስ ምታት ያድናል ወይም ክብደት ይቀንሳል ብሎ መጻፍ ገዢን ማሳሳት ነው፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ፖስቱ ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይዝ መልስ ብቻ እንዲሰጥ መመደብ አለበት።

ብዙዎች ከይፋው ቀን በኋላ ይደክማሉ። ገንዘቡም ጉልበቱም ለቅዳሜ ተከማችቶ ስለሚያልቅ ሁለተኛው ሳምንት «እናመሰግናለን» በሚል አንድ ፖስት ይዘጋል። የቡና ንግድ የሚያተርፈው ደግሞ ሁለተኛው እሽግ ሲገዛ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ክፍሎች ተከታዩ ረጅሙ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ ስምንት ቀን ይወስዳል።

እሑድ ማታ የሚወጣው የአፈላል ፖስት ነው፣ እሽጉ ዛሬ ደርሷልና። ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ያህል ጥሩ መነሻ ነው፤ ወፈር ያለ ቡና የለመደ ቤት ይጨምራል። አንድ መካከለኛ ጀበና 50 ግራም ያህል እንደሚፈልግ፣ በሾርባ ማንኪያ ምን ያህል እንደሚሆን በቪዲዮ ይታያል፤ የማንኪያው ልክ በድርጅቱ ሚዛን ላይ ተለክቶ እንጂ በግምት አይነገርም። ይህ ፖስት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ብዙ «ቡናው ቀጠነ» የሚል ቅሬታ መነሻው ቡናው ሳይሆን ልኩ ነው። ቤት የተወቀጠ ቡና የለመደ እጅ የማሽን ፍጩን በዚያው ማንኪያ ሲሰፍረው ውጤቱ ይለወጣል።

ይኸው 50 ግራም የተከታዩን ሳምንት ቀን ይቆርጣል። 250 ግራም አምስት ጊዜ ያስፈላል። እሑድ እሽጉን ከፍቶ በቀን አንድ ጊዜ የሚያፈላ ቤት ሐሙስ ይጨርሳል። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር 200 እሽግ ሰኞ ይቆላል፤ «ሁለተኛው ቆሎ ዛሬ ወጣ» የሚል አጭር ቪዲዮም በዚያው ቀን ይወጣል። ማክሰኞ በቅምሻው ከተሳተፉት የአንዲት ቡና አፍዪ አስተያየት በፈቃዷ ይቀርባል። ያልወደደችው ነገር ካለ አብሮ ቢነገር ይታመናል፤ ለምሳሌ ጠቆር ያለ አቆላል ለምትወድ ሴት ይህ ቡና ቀለል ይላል። ረቡዕ ማታ፣ እሽጉ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለገዢዎቹ በየስማቸው መልእክት ይላካል፦ «ቡናው እንዴት ነበር? ዓርብ እናደርሳለን፣ ይጨመር?» ይህን ለሁሉም በአንድ ፖስት ከማለት ለ180 ሰው በየራሱ መጻፍ ያደክማል፤ ግን ለመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ይህን ያህል ጉልበት ማውጣት ተገቢ ነው።

ሐሙስና ዓርብ የቅሬታ ጊዜ ነው። «እሽጉ ተነፍቷል፣ ተበላሽቷል ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። መልሱ ጋዙን የሚያብራራና ቫልቭዋን የሚያሳይ ፖስት ነው። ይህ ለአንድ ሰው በውስጥ መስመር ከተመለሰ ሌሎች ሃያ ሰዎች ሳይጠይቁ ይጠረጥራሉ። ዘግይቶ የደረሰ ትእዛዝ ካለም በግልጽ ይቅርታ ይጠየቅበታል፣ አስተያየቱም አይሰረዝም። የቀሩት ቀናት ገዢዎች ራሳቸው ላነሡት ፎቶ ይሰጣሉ። ረከቦቱ ላይ ከስኒዎቹ አጠገብ የተቀመጠ እሽግ ከስቱዲዮ ፎቶ ይልቅ ያሳምናል፣ የተቆላ ቡና ለሥርዓቱም እንደሚሆን ያሳያልና።

ወጪን በተመለከተ፣ በፌስቡክ ፖስትን በክፍያ ለማሳየት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚያስፈልግ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ይቸገራሉ። በዚህ መጠን ላለ ሥራ ይህ ትልቅ ጉዳት አይደለም። የሰፈር፣ የመሥሪያ ቤትና የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድኖች አስተዳዳሪውን አስፈቅዶ ለገባ ሰው 180 እሽግ ሊያሸጡ ይችላሉ። የሚከፈልበት ማስታወቂያ የግድ ካለ ገንዘቡ ለአጓጊው ሳምንት ሳይሆን ለይፋው ፖስት ይዋል፤ ከፍሎ ያመጡት ሰው የሚገዛው ነገር ማግኘት አለበት።

ውጤቱን ለመለካት ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም። ትእዛዝ የሚቀበለው ሰው እያንዳንዱን ገዢ «የት አዩን?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱንም ከስሙ ጎን ይጽፋል። ቴሌግራም በእያንዳንዱ የቻናል ፖስት ሥር የተመልካቹን ቁጥር ስለሚያሳይ፣ ብዙ ታይቶ ትእዛዝ ያላመጣ ፖስት በቀላሉ ይለያል። በሁለተኛው እሑድ ማታ ከመዝገቡ ሁለት ቁጥር ይወጣል፦ በመጀመሪያው ሳምንት የገዙት ስንት ናቸው፣ ከእነሱ ውስጥስ ደግመው ያዘዙት ስንት ናቸው? የመጀመሪያው ብዙ ሆኖ ሁለተኛው ጥቂት ከሆነ ዘመቻው ሠርቷል፣ ችግሩ ከቡናው፣ ከአፈጫጩ ወይም ከዋጋው ነው፤ ሌላ ፖስት ከመሥራት በፊት ላልደገሙት አሥር ሰዎች መደወል ይቀድማል። ገዢው ጥቂት ሆኖ አብዛኛው ከደገመ ደግሞ ቡናው ጥሩ ነው፣ ያልደረሰው መልእክቱ ነው፤ ያኔ የሚቀጥለው ጆንያ ከመቆላቱ በፊት የማክሰኞው ጥያቄ መልሶች እንደገና ይነበባሉ።